በአምስተኛውና በስድስተኛው መካከል

ሦስቱ የቅጥር ኮሚቴ አባላት ነጥባቸውን የላኩት በሦስት ዓይነት መንገድ ነው። የፋይናንስ ኃላፊው በእስክሪብቶ የሞሉትን ቅጽ ከነስርዙ አስረከቡ። የፕሮጀክት ኃላፊው የኤክሴል ፋይል በኢሜይል ላኩ። የሰው ሀብት ክፍል ተወካይዋ ደግሞ ቅጹን በኮምፒውተር ሞልታ፣ አትማ ፈርማበታለች። ሦስቱም ወረቀቶች አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የልማት ድርጅት ቢሮ፣ የቅጥር ፋይሉን በምታዘጋጀው ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል። ክፍት ቦታው የፕሮጀክት ሒሳብ ሹም ነው። አነስተኛውን መስፈርት አሟልተው ለነጥብ የቀረቡት 14 ሰዎች ሲሆኑ ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩት አምስት ናቸው። የሷ ሥራ ከሦስቱ ወረቀቶች አንድ የደረጃ ሰንጠረዥ ማውጣትና ከእያንዳንዱ ስም ጎን ለምን እንደተጠራ ወይም ለምን እንደቀረ መጻፍ ነው። ድርጅቱም እሷም ስማቸው እንዳይጠቀስ ተስማምተናል፤ የአመልካቾቹንም ዝርዝር ለውጫለሁ።

ይህን ሥራ ብዙ መሥሪያ ቤት እንደ ጽሕፈት ሥራ ይቆጥረዋል። ቁጥር ደምሮ፣ አማክሎ፣ ከላይ ወደ ታች ደርድሮ ቃለ ጉባኤ ማስፈረም ነው ይባላል። ጠጋ ብሎ ለሚያይ ግን ማን ለቃለ መጠይቅ እንደሚመጣ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። የወሰነውን ሰው ማንም አያውቀውም፤ አንዳንዴ ራሱም አያውቅም።

ባለሙያዋ መጀመሪያ ያደረገችው ስሞቹን መለያ ቁጥር መስጠት ነበር። በኛ አገር ይህ ከአድልዎ መከላከያነቱ ሌላ በጣም ተራ የሆነ ምክንያትም አለው። ፀሐይ በአንዱ ወረቀት ላይ በፀሐዩ ፀ፣ በሌላው በጸሎቱ ጸ ትጻፋለች፤ ኃይሉም ኀይሉም ሀይሉም አንድ ሰው ናቸው። ለአንባቢ ልዩነት የለውም፤ ለኤክሴል ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስም አመሳክሮ ነጥብ የሚያመጣ ቀመር እንዲህ ያለውን ሰው ወይ አያገኘውም፣ ወይ ከሦስት ዳኞች የሁለቱን ነጥብ ብቻ ያመጣለታል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ከ01 እስከ 14 ያለው ቁጥር በማመልከቻው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፎ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በቁጥሩ ይሄዳል። ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ለብቻው ይቀመጣል።

ቀጥላ አንድ ሰንጠረዥ ከፈተች። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ዳኛ ለአንድ አመልካች የሰጠውን ይይዛል፤ 14 አመልካች በሦስት ዳኛ 42 ረድፍ ይሆናል። ዓምዶቹ የአመልካቹ ቁጥር፣ ዳኛው፣ ነጥቡ የተገኘበት የወረቀት ገጽ፣ ከዚያም አራቱ መስፈርቶች ናቸው። ትምህርት 20 በመቶ፣ ተመሳሳይ የሥራ ልምድ 40፣ ለለጋሽ ድርጅት ሪፖርት የማዘጋጀት ልምድ 25፣ የማመልከቻ ደብዳቤው ግልጽነት 15 በመቶ ይይዛሉ። ክብደቱ የተወሰነው ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ሲሆን ሁሉም ከዜሮ እስከ አምስት ይመዘናል። የእያንዳንዱን ረድፍ ድምር ከመቶ የምታወጣው በዚህ ቀመር ነው፤ ክብደቶቹ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተጽፈዋል።

```
=IF(COUNT(D3:G3)=4,SUMPRODUCT(D3:G3,$D$1:$G$1)/5*100,"ይጠየቅ")
```

እዚህ ቀመር ውስጥ ዋናው ነገር ማባዛቱ አይደለም፣ የፊተኛው ቆጠራ ነው። አራት ቁጥር ካልተገኘ ኤክሴል ድምር አይሰጥም፤ «ይጠየቅ» የሚል ቃል ያወጣል። ቆጠራው ባይኖር SUMPRODUCT ባዶውን ሳጥን እንደ ዜሮ ቆጥሮ ዝም ብሎ ያልፋል። በኛ ቢሮዎች በሚዞሩት አብዛኞቹ የነጥብ ቅጾች ውስጥ ያየሁት ቀመር ያለ ቆጠራ የተጻፈው ነው። የሚያስከትለውን ለማሳየት ባለሙያዋ በመጀመሪያ በድሮው ቅጽ ደመረችው።

በድሮው ቅጽ አምስተኛ የወጣው 07 ቁጥር ነው። ፋይናንስ 74፣ ፕሮጀክት 67፣ ሰው ሀብት 72 ሰጥተውታል፤ አማካዩ 71። ስድስተኛዋ 11 ቁጥር ናት፤ 81፣ 53 እና 73 አግኝታ አማካይዋ 69 ሆነ። አምስት ሰው ይጠራል ከተባለ መስመሩ በነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ያልፋል። 07 ይመጣል፣ 11 ትቀራለች። አራተኛው 76 ላይ፣ ሰባተኛው 66 ላይ ስለሆኑ የሌሎቹ ነገር ያን ያህል አያከራክርም።

ልምድ ያለው ዓይን ወዲያው የሚያርፈው 53ቱ ላይ ነው። ሦስት ሰዎች አንድ ማመልከቻ አንብበው አንዱ 81 ሌላው 53 ከሰጡ ወይ ስለ መስፈርቱ አልተስማሙም፣ ወይ የሆነ ነገር ጎድሏል። አዲሱ ቀመር ሲገባ የ11 ቁጥር ሁለተኛ ረድፍ «ይጠየቅ» ብሎ ተነሣ። የፕሮጀክት ኃላፊው ለትምህርት 3፣ ለልምድ 4፣ ለደብዳቤው 3 ሰጥተው የሪፖርቱን ሳጥን ባዶ ትተውታል። ያ ባዶ ሳጥን ዜሮ ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል።

እዚህ ላይ ሁለት አቋራጮች ይታያሉ፤ ሁለቱም ይፈትናሉ። አንደኛው ባዶውን ትቶ በሪፖርት መስፈርት የሁለቱን ዳኞች አማካይ መውሰድ ነው። ሁለቱም 4 ስለሰጡ የ11 ቁጥር ውጤት ወደ 75.67 ከፍ ይላል። ሌላው ደግሞ «ሳይሰጡት የቀሩት ስለማይገባት ነው» ብሎ ዜሮውን ማጽናት ነው። አንዱ ያልተሰጠ ነጥብ ይለግሳል፣ ሌላው ያልተባለ ፍርድ ይፈርዳል። ባለሙያዋ ሁለቱንም ትታ ስልኩን አነሣች።

«ጋሼ፣ ከቅጽዎ ላይ አንድ ሳጥን ባዶ ሆኖብኝ ነው። የ11 ቁጥርን ማመልከቻ ከመስፈርቱ ጋር ልልክልዎት፤ አይተው ይሙሉልኝ።»

«ስንተኛ ናት?» አሉ።

«እሱን ገና አላወጣሁትም፤ ሁሉም ሲሟላ ነው የሚወጣው።»

መልሷ እውነት ነበር። በድሮው ቅጽ የታየው ድምር መሞከሪያ ነው፤ በአዲሱ ሰንጠረዥ «ይጠየቅ» የሚል ቃል እስካለ ድረስ ደረጃ አይወጣም። ይህ በዚህ ሥራ ውስጥ ካየኋቸው ልማዶች ሁሉ የበለጠ ያከበርኩት ነው። የሚጠየቀው ዳኛ ደረጃውንም፣ የሌሎቹን ነጥብም ማየት የለበትም። ካየ የሚሞላው ማመልከቻውን አንብቦ ሳይሆን የሚፈልገውን ሰው ከመስመሩ በላይ ወይም በታች ለማድረግ የሚበቃውን ቁጥር አስልቶ ሊሆን ይችላል። ሆን ብሎ ባያደርገው እንኳ እጁ ወደዚያ ያደላል። ኃላፊው ማመልከቻውን ደግመው አንብበው 3 ሰጡ፤ ምክንያታቸውንም አብረው ጻፉ፦ «የሩብ ዓመት ሪፖርት አዘጋጅታለች፤ በራሷ የፈረመችው የዓመት መዝጊያ ሪፖርት አልታየም»። የሳቸው ረድፍ ከ53 ወደ 68፣ የ11 ቁጥር አማካይ ከ69 ወደ 74 ሄደ። አሁን እሷ ከ07 በላይ ሆነች።

በፋይሉ ውስጥ ግን የተጻፈው 3 ብቻ አይደለም። ሳጥኑ መጀመሪያ ባዶ እንደነበረ፣ በየትኛው ቀን እንደተጠየቀና እንደተሞላ፣ ማን እንደሞላው በማስታወሻ ዓምድ ውስጥ ይገኛል። የኢሜይሉ ቅጂም ተያይዟል። ከዓመት በኋላ ኦዲተር መጥቶ በወረቀቱ ላይ ባዶ፣ በማጠቃለያው ላይ 3 ሲያይ የሚጠይቀው ጥያቄ መልሱን እዚያው ያገኛል።

ቁጥሩ በዚህ ካበቃ ወደ አስተያየቱ እንሂድ፤ ከባዱ እሱ ነውና። ባለሙያዋ አስተያየቶችን ስትገለብጥ ቃል በቃል ነው፤ የሰዋስው ስሕተቱም አይታረምም። የማይነበበውን «አልተነበበም» ብላ ጽፋ ጸሐፊውን ትጠይቃለች። አጠር ያለው የማጠቃለያ ዓረፍተ ነገር በሌላ ዓምድ ይገባል። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚቆሙ ማጠቃለያው ከተባለው በላይ ከሄደ ማንም ያየዋል። ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ጥፋት የአንድን ዳኛ አስተያየት ወስዶ «ኮሚቴው እንዳመነበት» ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ያለውን ነገር ሦስቱ እንዳሉት አድርጎ መጻፍ፣ የቱንም ያህል ጨዋ አማርኛ ቢሆን፣ ሐሰት ነው። «ከሦስቱ ዳኞች አንዱ» ተብሎ መጻፍ አለበት።

የ07 ቁጥርን አስተያየቶች ስትገለብጥ የፕሮጀክት ኃላፊው ከልምድ ነጥባቸው ጎን የጻፉትን አገኘች። ሌሎቹ ሁለት 4 በሰጡበት መስፈርት 3 ሰጥተው እንዲህ ብለዋል፦ «የሚኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ መመላለስ ይከብደዋል»። ይህ አስተያየት ምናልባት ለሰውየው ከማሰብ የመጣ ይሆናል። ግን የመኖሪያ ቦታ ከአራቱ መስፈርቶች አንዱ አይደለም። ማስታወቂያው የሥራ ቦታው አዲስ አበባ መሆኑን ነግሮታል፤ እሱም አውቆ አመልክቷል። ከዚህም ሌላ በአገራችን አንድ ሰው የሚኖርበት ወይም የተወለደበት ቦታ ሲነሣ አንባቢው ብሔሩን ሊገምት ይችላል። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አድልዎን ይከለክላል፤ እንዲህ ያለ አንድ መስመር በቅጥር ፋይል ውስጥ ነጥብ ካስቀነሰ ለአቤቱታ በቂ መነሻ ነው። «ትንሽ ልጅ አላት»፣ «ዕድሜው ገፍቷል»፣ «የማውቀው ቤተሰብ ልጅ ነው» የሚሉትም እንደዚያው ናቸው፤ የመጨረሻው ደግሞ ነጥብ ከፍ አድርጎም ያውቃል።

የመጀመሪያው ስሜት አስተያየቱን መሰረዝ ነው። የለመዱ ሰዎች ፋይሉን «ማጽዳት» ይሉታል። ይህ ግን ነገሩን ያባብሰዋል፤ ምክንያቱ ጠፍቶ በምክንያቱ የተቀነሰው ነጥብ ይቀራልና። አስተያየቱ ባለበት ይቆያል፤ «ከመስፈርት ውጭ» የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ከጎኑ ያለው ነጥብ ወደ ዳኛው ተመልሶ በመስፈርቱ ብቻ እንዲታይ ይደረጋል። የሚላከው ጥያቄም ቁጥር አይጠቁምም፦ «የልምድ መስፈርቱ የሚያየው የዓመታቱን ብዛትና የሥራውን ዓይነት ነው፤ በዚህ ብቻ ሲታይ ነጥቡ ይጸናል ወይስ ይለወጣል?» ሁለቱም መልስ ያስኬዳል። ኃላፊው ማመልከቻውን አይተው የአምስት ዓመት ተመሳሳይ ሥራ እንዳለው አረጋገጡና 4 አደረጉት። ረድፋቸው ከ67 ወደ 75፣ የ07 ቁጥር አማካይ ወደ 73.67 ወጣ።

አሁን 11 ቁጥር 74፣ 07 ቁጥር 73.67 ናቸው። የአንድ ሦስተኛ ነጥብ ልዩነት ነው። አንድ ዳኛ በአንድ ሳጥን ውስጥ ቁጥሩን በአንድ ቢያንቀሳቅስ ደረጃውን የሚገለብጥ ከሆነ፣ ሰንጠረዡ ራሱ አንዷን ከአንዱ መለየት አልችልም እያለን ነው። ትክክለኛውን ስሌት ለማወቅ ለሚሻ፦ አንድ ነጥብ በደብዳቤው ላይ የመጨረሻውን አማካይ በአንድ፣ በልምድ ላይ ደግሞ በ2.67 ያንቀሳቅሰዋል። ትንሿ እንቅስቃሴ እንኳ ከ0.33ቱ ሦስት እጥፍ ትበልጣለች።

ስለዚህ ኮሚቴው በሰብሳቢው ጥሪ ተሰበሰበ። የፋይናንስ ኃላፊው ደንቡ አምስት ነው ይላል፣ አምስት ይጠራ ብለው ነበር። መከራከሪያቸው ቀላል አይደለም፤ ስም ከታየ በኋላ የሚወጣ ደንብ ለአንድ ሰው የተሰፋ ልብስ ይመስላል። የሰው ሀብት ተወካይዋ ደግሞ በአንድ ሦስተኛ ነጥብ ሰው ማስቀረትን በጽሑፍ ማስረዳት እንደማይቻል ተናገረች። የተስማሙበት ነገር በሁሉም ላይ እኩል የሚሠራ ነው፦ ከአምስተኛው ውጤት በአንድ ነጥብ ውስጥ ያለ ሁሉ ይጠራል። የነጥቡ ልክ የተመረጠው አንድ ዳኛ አነስተኛ ክብደት ባለው መስፈርት ላይ በአንድ ቢለይ የሚመጣውን ያህል ስለሆነ ነው፤ ይህም በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል። 66 ላይ ያለው ሰባተኛ በዚህ አልገባም። ስድስት ሰው ተጠራ። ደንቡ ከነጥቡ በኋላ መውጣቱም አልተደበቀም፤ ቃለ ጉባኤው በግልጽ ጽፎታል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለው መቀራረብ ሌላ መልክ ነበረው። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ በአንጻራዊነት አነስተኛ ተዋጽኦ ያላቸው ብሔሮች ተወላጆች እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ሲኖራቸው ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ደንግጎ ነበር። እንዲህ ያለ ቅድሚያ ሲሠራበት በማጠቃለያው ውስጥ ሁለቱ ነገሮች ተለይተው መታየት አለባቸው፤ መጀመሪያ ኮሚቴው የሰጠው ውጤት እንዳለ፣ ከዚያ ቅድሚያው በየትኛው ድንጋጌ እንደተሰጠ። ቅድሚያውን በነጥቡ ውስጥ ቀላቅሎ ከፍ ያለ ቁጥር መጻፍ ሕጉ የሰጠውን መብት እንደ ማጭበርበር ያስመስለዋል።

የመጨረሻው ሥራ የምክንያቱ ዓረፍተ ነገር ነው። ባለሙያዋ ለተጠሩት አጭር፣ በመስመሩ አካባቢ ለቀሩት ረዘም ያለ ትጽፋለች። ብዙዎች ግን የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ አንደኛውን በሙገሳ አስረዝመው ሰባተኛውን «ልምዱ በቂ አይደለም» ብለው ያልፉታል። ቅሬታ ይዞ የሚመጣው ግን ሰባተኛው ነው፤ «በቂ» ማለት ስንት እንደሆነ የሚጠይቀውም እሱ ነው። እሷ ለሰባተኛው የጻፈችው እንዲህ ይነበባል፦ «ውጤት 66። ማስታወቂያው የሦስት ዓመት የለጋሽ ሪፖርት ልምድ እንደሚመረጥ ይገልጻል፤ ማመልከቻው ገጽ 2 ላይ የአንድ ዓመት ከአራት ወር ያሳያል፤ ሦስቱም ዳኞች በዚህ መስፈርት 2 ሰጥተዋል»። ማስታወቂያው ያለው፣ ማመልከቻው ያሳየው፣ ዳኞቹ የሰጡት፤ ሦስቱም በቅደም ተከተል አሉ። ስለ ሰውየው ችሎታ አንድም ቃል የለም፤ በዚህ ደረጃ የታየው ወረቀቱ እንጂ ሰውየው አይደለምና።

ይህን ዓረፍተ ነገር በምትጽፍበት ጊዜ ሌላ የአገራችን ወጥመድ አገኘች። አንድ አመልካች የሥራ ዘመኑን «ከ2010 እስከ 2021» ብሎ አስፍሯል። አንዱ ዳኛ 11 ዓመት ቆጥሮ 5 ሰጥቶታል፤ ሌላዋ 2 ሰጥታዋለች። ከተያያዘው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሲመሳከር የመጀመሪያው ዓመት በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛው በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው፤ እውነተኛው ዘመን አራት ዓመት እንኳ አይሞላም። ሁለት ዳኞች በልምድ መስፈርት ላይ በጣም ሲራራቁ መጀመሪያ የሚታየው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ይህም ነጥብ ወደ ዳኛው ተመልሶ ታርሟል።

የወረቀት ቅጹም የራሱን አመጣ። የፋይናንስ ኃላፊው በአንድ ሳጥን ውስጥ «3/4» ብለው ጽፈዋል፤ በሦስትና በአራት መካከል ማለታቸው ነው። እንዳለ ሲተየብ ኤክሴል ቀን አድርጎ ወሰደውና የዚያ አመልካች ድምር ከመቶ ሳይሆን በመቶ ሺህ ቤት ሆነ። እንዲህ ያለው ስሕተት ስለሚጮኽ አያስፈራም። የሚያስፈራው ባዶው ሳጥን ነው፤ ድምር ውስጥ ገብቶ ጭጭ ይላል።

ፋይሉ ሲዘጋ የሚይዘው ማስታወቂያውን፣ ክብደቱ የተወሰነበትን ሰነድ፣ ሦስቱን የመጀመሪያ ቅጾች ከነስርዛቸው፣ 42ቱን ረድፎች፣ የለውጥ ማስታወሻዎቹን፣ የደረጃ ማጠቃለያውንና የተፈረመውን ቃለ ጉባኤ ነው። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየት መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ ዳኛ አስተያየት ሲጽፍ የሚያነበው ኮሚቴው ብቻ ነው ብሎ ማሰብ የለበትም።

በቅጥር ኮሚቴ ለምትቀመጡ ሁሉ አንድ ነገር እለምናለሁ። ማመልከቻ ከመከፈቱ በፊት በቃለ ጉባኤያችሁ ላይ ሁለት መስመር ጻፉ፦ በመስመሩ ላይ ውጤት ሲቀራረብ ምን እንደምታደርጉ፣ ባዶ ሳጥን ሲገኝ ማን ማንን እንደሚጠይቅ። ያን ጊዜ ስሞቹን ገና አታውቋቸውም።